ከቆርቆሮ ሥር ፎይል ሲወጠር የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ላይ መጋቢትና ሚያዝያ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ሙቀቱ ከአናቱ እንደሚወርድ ማንም ሊነግረው አይገባም። ኮርኒስ ቢኖርም ይወርዳል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሙቀትን ወደ ታች ማውረድ ይከብደዋል። በቀን አብዛኛውን ሙቀት የሚያወርደው ጨረር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጨረሩን መቀነስ ነው፤ አሉሚኒየም ፎይል ይህን በደንብ ይሠራል፣ በትክክል ከተወጠረ።

«የሚያብረቀርቀው ፊት የግድ ወደ ቆርቆሮው መዞር አለበት»

በብዛት የምሰማው ስህተት ይህ ነው። ሰው ፎይልን እንደ መስታወት ብቻ ስለሚያየው፣ ሙቀቱን ወደመጣበት መመለስ ካልቻለ የማይሠራ ይመስለዋል። ፎይል ግን ሌላም ጠባይ አለው። ራሱ ሲግልም የሚረጨው ሙቀት ትንሽ ነው።

የሞቀ ነገር ሁሉ በዓይን የማይታይ ጨረር ይረጫል። በዚያ ሙቀት ላይ ሊረጭ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ምን ያህሉን እንደሚረጭ የሚነግረን ቁጥር ኤሚሲቪቲ ይባላል። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። እንጨት፣ ቀለምና የዛገ ቆርቆሮ 0.9 አካባቢ ናቸው። ንጹህ አሉሚኒየም ፎይል ግን 0.05 ያህል ነው። ምክንያቱን ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪርሆፍ እ.ኤ.አ. በ1859 አሳይቷል፦ ጨረርን በደንብ የማይቀበል ገጽ፣ በደንብ አይረጭምም። ብረት የመጣበትን ጨረር ስለሚመልስ ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል፤ የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ጥቂት ነው።

አዘዞ ውስጥ ያለች 3 በ4 ሜትር ክፍል እንውሰድ። ያረጀው ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ደርሷል፣ የኮርኒሱ ቺፑድ 30 ዲግሪ ነው እንበል። ፎይል ከሌለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 180 ዋት ገደማ በጨረር ይወርዳል። ለ12 ካሬ ሜትር ከ2,100 ዋት በላይ ማለት ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ምድጃ እንደ መለኮስ ነው። አሁን ፎይል እንወጥር፣ ፎይሉም ራሱ 60 ዲግሪ ይድረስ። ወደ ታች የሚያየው ፊቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የሚወርደው በካሬ ሜትር 11 ዋት ገደማ፣ በክፍሉ ሁሉ 130 ዋት ያህል ብቻ ነው። እርግጥ ኮርኒሱ እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሮቹ ይቀንሳሉ፣ በአየርና በእንጨቱ በኩል የሚያልፍ ሙቀትም አለ። የልዩነቱ መጠን ግን ይህን ይመስላል።

እንዲያውም አንድ ፊቱ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወደ ታች ያዙሩት። በበጋ የጎንደር አቧራ በቆርቆሮው ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ወደ ላይ ያየ ፎይል ላይ አቧራ ሲተኛበት ኤሚሲቪቲው ወደ አቧራው ይጠጋል። ወደ ታች ባየው ፊት ላይ ግን አቧራ አይተኛም።

ፎይሉን ከቆርቆሮው ጋር ማጣበቅ

ኤሚሲቪቲ የሚሠራው የሚያብረቀርቀው ፊት ከፊቱ አየር ሲኖረው ነው። ከቆርቆሮውም ከቺፑዱም ጋር ከተጣበቀ፣ ሙቀቱ በንክኪ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የወጣው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል። ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ቆርቆሮው ከተመታበት ሞራሌ በታች መወጠር ቀላሉ መንገድ ነው።

«የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይሆናል» ማለት

አይሆንም። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም፣ መስታወትና ፕላስቲክ ለዓይን ቢያበሩም ኤሚሲቪቲያቸው 0.9 አካባቢ ነው። ገጹ የተገለጠ ብረት መሆን አለበት። ከገበያ የተገዛው ፎይል በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ካለበት፣ ለሙቀት ጨረር የሚሠራው ፕላስቲኩ እንጂ ብረቱ አይደለም።

የቆርቆሮው የውጪ ፊት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚፈለገው ፀሐይን መመለስና ሙቀቱን ወደ ሰማይ መርጨት ስለሆነ፣ ነጭ ቀለም ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል።

በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ፎይሉን መለካት

ሽጉጥ የሚመስለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ኤሚሲቪቲን 0.95 አድርጎ ነው የሚያሰላው። ወደ ፎይል ሲያነጣጥሩት የፎይሉን ሳይሆን በአብዛኛው ፎይሉ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ነገር ሙቀት ያነብባል። የጋለ ፎይል ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ፎይሉ ላይ ለጥፈው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና በቅርበት ቴፑን ይለኩ። ሥራው መሳካቱን ማወቅ ከፈለጉ ግን የሚለካው ኮርኒሱ ነው፤ ቀትር ላይ፣ ፎይል ያለውንና የሌለውን ክፍል በአንድ ሰዓት ያወዳድሩ።

ሽቦውን ሳያዩ መወጠር

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኮርኒስ ላይ በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ወይም ገላጣ የሽቦ መጋጠሚያ ካለ፣ ፎይሉ ሲነካው ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ መብራቱ ይጥፋ፤ መጋጠሚያዎቹ ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ ፎይሉ ከዚያ በኋላ ይወጠር።