እጥበት የቀረባቸው የመንዝ ገበሬ፦ ከምልክት ወደ መንስኤ፣ ከመንስኤ ወደ መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁ የነርሲንግ ተማሪዎችን ሳግዝ የኩላሊትን ምዕራፍ በሠንጠረዥ አልጀምርም፤ በአንድ ታማሚ እጀምራለሁ። ታማሚውን ለማስተማሪያ ብዬ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የ54 ዓመት የመንዝ ገበሬ ናቸው፤ ኩላሊታቸውን ያደከመው ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ሰኞና ሐሙስ እጥበት ያደርጋሉ። ወሩ ሁዳዴ ነው። ሰኞ ዕለት መኪና አጥተው ቀሩ፤ ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። እግራቸው አልሸከም ብሏቸዋል፣ ልባቸው ይርበተበታል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ደረጃውን በአጭሩ እንለፈው። ኩላሊት በደቂቃ የሚያጣራው መጠን ከ60 ሚሊሊትር በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሕመሙ ሥር ሰዷል ይባላል። ከ30 እስከ 59 ሦስተኛ፣ ከ15 እስከ 29 አራተኛ፣ ከ15 በታች አምስተኛ ደረጃ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ በቁጥሩ ብቻ አይወሰኑም፤ ሽንት ውስጥ እንደሚገኝ ፕሮቲን ያለ የጉዳት ምልክት ያስፈልጋቸዋል። የእኛ ታማሚ 9 ላይ ናቸው።

ምልክት፦ የእግር መክዳትና የልብ መርበትበት

ፈታኙ እዚህ ላይ የሚፈልገው ቃል ፖታሲየም ነው። ላቦራቶሪው 6.9 ሚሊሞል በሊትር ብሎ መለሰ እንበል። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። ቁጥሩ ግን ሊዋሽ ይችላል። ደም የቀዳው ሰው ማሰሪያውን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ ከነበረ፣ ወይም ቀይ የደም ሴሎች በመርፌው ውስጥ ከፈረሱ፣ በሴሉ ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስና ውጤቱን ያንረዋል። ስለዚህ ናሙናው ይደገማል፤ ድጋሚው እስኪደርስ ግን ኢሲጂ ይነሣል። የቲ ሞገድ እንደ ድንኳን ሾጥጦ ከቆመ ወይም ኪውአርኤስ ከሰፋ የላቦራቶሪውን ወረቀት መጠበቅ ስሕተት ነው።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ተማሪዎች የሚወድቁትም ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ በሐኪም ትእዛዝ 10 ሚሊሊትር ባለ 10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ኢሲጂው እየታየ፣ በዝግታ በደም ሥር ይሰጣል። ካልሲየም ፖታሲየምን በአንዲት ነጥብ እንኳ አይቀንስም፤ የልብን ጡንቻ ብቻ ይከላከላል፣ ጥበቃውም አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። ቀጥሎ 10 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይሰጣል። በእጃችሁ ያለው ባለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ከሆነ 62 ሚሊሊትር ያህል ማለት ነው። ኢንሱሊኑ ፖታሲየሙን ወደ ሴል ውስጥ ይደብቀዋል፤ ከሰውነት አላስወጣውም። ማስወጣቱ የእጥበቱ ሥራ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢንሱሊንን የሚያስወግደው በከፊል ኩላሊት ስለሆነ በእኚህ ሰው ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የደም ስኳራቸው ለስድስት ሰዓታት ያህል በየሰዓቱ ይለካል።

መንስኤው ማዕዱ ላይ ነበር

6.9 ያደረሳቸው አንድ እጥበት መቅረቱ ብቻ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ልጃቸው ሲጠየቅ ምላሹ የሰሜን ሸዋ የጾም ማዕድ ነው፦ የባቄላ አሹቅ፣ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ጎመን። ሁሉም ፖታሲየም አላቸው። ለጾመኛ «አትብሉ» ብሎ መሄድ ግን ምክር አይደለም፤ የሚሆነውን ማሳየት ይገባል።

ድንቹ ተልጦ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ከፖታሲየሙ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ወጣችን ነው፤ የድንቹ ውሃ ራሱ መረቅ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀቅሎ መድፋት፣ ከዚያ ወጡ ውስጥ መጨመር። ጎመኑም እንዲሁ። ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ ምንም አይደፋለትም፤ መጠኑን ከመቀነስ ሌላ መንገድ የለውም። «ጨው ቀንሱ» ሲባሉ የጨው ምትክ የሚገዙ ሰዎችም አሉ፤ ብዙው ምትክ የተሠራው ከፖታሲየም ክሎራይድ ነው።

ፕሮቲን ላይ ፈተናው ወጥመድ ያኖራል። እጥበት ያልጀመረ አራተኛ ደረጃ ታማሚ በኪሎ ከ0.6 እስከ 0.8 ግራም ገደማ ይፈቀድለታል። እጥበት የጀመረ ሰው ግን ማሽኑ አሚኖ አሲድ ስለሚወስድበት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልገዋል፤ ለ58 ኪሎ ሰው በቀን ከ58 እስከ 70 ግራም ነው። ስለዚህ «ፕሮቲን ቀንስ» የሚለው መልስ ትክክል የሚሆነው ታማሚው የቱ ጋር እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር

ሚዛኑ ይናገራል። ትርፍ ውሃ ሳይኖርባቸው 58 ኪሎ ናቸው፤ ዛሬ 62። አራቱ ኪሎ አራት ሊትር ውሃ ነው፣ ከፊሉም ሳንባ ላይ ተኝቷል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥና ኦክሲጅን መስጠት የነርሷ የመጀመሪያ ሥራ ነው። አራቱን ሊትር በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት ማውጣት ግን አይመከርም። ገደቡ በሰዓት በኪሎ 13 ሚሊሊትር ያህል ስለሆነ በሰዓት 754፣ በአራት ሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ይሆናል። የቀረው በቅርብ ቀን በሚጨመር እጥበት ይወጣል። ከዚህ ካፈጠኑት ግፊቱ ይወርዳል፣ ባታቸው ይኮማተራል። ያኔ ውሃ ማውጣቱ ይቆማል፣ ትንፋሻቸው እስከፈቀደ ጋደም ብለው እግራቸው ከፍ ይላል፣ በትእዛዝ መሠረት ኖርማል ሳላይን ይሰጣል። የጠዋቱ የግፊት ኪኒን ከእጥበት በፊት መዋጡን አስቀድሞ መጠየቅም ለዚሁ ነው።

ለቤት የሚሰጠው መጠን የትናንቱ ሽንት ሲደመር 500 ሚሊሊትር ነው። እሳቸው በቀን 300 ስለሚሸኑ 800 ይሆናል፤ ሻዩም፣ አጥሚቱም፣ ሾርባውም በውስጡ ይቆጠራል። ግማሽ ሊትር በሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ አንድ ተኩል ብሎ ጥቂት ማለፍ ነው። ጨው ካልተቀነሰ ግን ጥማቱ ያሸንፋቸዋል፤ አዋዜና ጨው የበዛበት ቆሎ መጀመሪያ ይነሡ።

ምልክት፦ ክንዱ ዝም ማለት

ፊስቱላ ሲባል ብዙ ሰው የወሊዱን ያስባል፤ ይህኛው ግን ለእጥበት ተብሎ ክንድ ላይ የሚሠራ ነው፤ ለቤተሰብ ስታስረዱ «የእጥበት የደም ሥር» በሉት። ጣት ሲያርፍበት ይነዝራል፣ በማዳመጫ ሲሰማ ሹ ይላል። ሁለቱም ከጠፉ ደሙ ረግቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። መንስኤው የወረደ ግፊት፣ በክንዱ ላይ መተኛት፣ በዚያው እጅ እንስራ ማንጠልጠል፣ የጠበቀ እጅጌ ወይም ክንድ ላይ የታሰረ ክታብ ሊሆን ይችላል። ክታቡን አውልቁ አይባልም፤ ወደ ሌላው ክንድ ወይም ወደ አንገት ይዛወራል። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ መርፌ አይወጋም። ንዝረቱ ከጠፋ ማሸትም ሆነ «ማታ ድረስ እንየው» ማለት አይሠራም፤ ሐኪሙ ወዲያው ይጠራል፣ ሰዓቱና የተገኘው ነገር በካርዱ ላይ ይጻፋል።