ዋትስአፕ ግሩፕ፣ ቴሌግራም ቻናል ወይስ ፌስቡክ ፔጅ?

አነስተኛ ሱቅ ያላችሁ ነጋዴዎች ደንበኞቻችሁን በዋትስአፕ ግሩፕ ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ እያንዳንዱ አባል የሌሎቹን ስልክ ቁጥር ማየት እንደሚችልና ተፎካካሪ ነጋዴ ቢገባ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር በቀላሉ እንደሚያገኝ አስቡ። በተጨማሪም አባላት ሰላምታ ሲለዋወጡ የለጠፋችሁት ዋጋ ከዓይን ይርቃል።

ለዚህ መፍትሔው የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም፣ ዘግይቶ የገባ ሰውም የቀደሙትን ልጥፎች ያነባል። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር በዓይን ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ ከመቸኮል ያድናል። ለምሳሌ 400 ተከታዮች ባሉት ቻናል ላይ የተለጠፈ ጫማ በማግስቱ 60 ጊዜ ብቻ ከታየ፣ ብዙዎቹ ገና አላዩትምና በሌላ ሰዓት ደግማችሁ ለጥፉት፤ 300 ጊዜ ታይቶ ማንም ካልጠየቀ ግን ፎቶውን ወይም ዋጋውን መርምሩ። ማዘዣ ስልካችሁንና ያሉትን የጫማ ቁጥሮች የያዘ መልእክት ከላይ ፒን አድርጉ።

የፌስቡክ ፔጅ የሚጠቅመው በዋናነት የማያውቋችሁ ሰዎች እንዲያገኟችሁ ስለሆነ፣ የቻናሉን ሊንክ እዚያ አስቀምጡ።

ደንበኞቻችሁ ጥቂትና ቴሌግራም የማይጠቀሙ ከሆኑ ግን ቻናል አትክፈቱ፤ ቁጥራችሁን መዝግበው ከያዙ የዋትስአፕ ብሮድካስት ለእያንዳንዳቸው በግል ይደርሳቸዋል።