የኪዩቢትን T1 እና T2 ለክቶ ሰርኪዩቱ ስንት ንብርብር እንደሚሸከም ማስላት

የኪዩቢቱ T2፣ ማለትም ሱፐርፖዚሽኑን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ 80 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ አንድ የጌት ንብርብር 0.6 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል፣ ስለዚህ 133 ንብርብር ማስኬድ ይቻላል። ብዙ ጀማሪ የሚያሰላው እንዲህ ነው። በ10 ኪዩቢት ሰርኪዩት ላይ ግን በእነዚሁ ቁጥሮች የሚገኘው ጥልቀት 14 ንብርብር ገደማ ነው። ከዚህ በታች ሁለቱን ጊዜዎች እንዴት እንደምንለካና ከ133 ወደ 14 የሚያወርደን ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እናያለን። ምሳሌያችን ትራንስሞን የሚባለው፣ ከሱፐርኮንዳክተር የሚሠራውና ከፍጹም ዜሮ በላይ በመቶኛ ዲግሪዎች ብቻ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ኪዩቢት ነው።

1. መጀመሪያ T1ን ይለኩ

T1 ኪዩቢቱ ጉልበቱን አፍስሶ ከ1 ወደ 0 የሚወርድበት ጊዜ ነው። አለካኩ ቀላል ነው፦ በ`X` ጌት ወደ 1 ያውጡት፣ ለ t ያህል ጊዜ ምንም ሳይነኩ ያቆዩት፣ ከዚያ ያንብቡት። የ t ዋጋዎች ከ0 ጀምረው እስከ T1 አራት ወይም አምስት እጥፍ ድረስ ይሂዱ። 30 ያህል የተለያዩ ቆይታዎች ይበቃሉ፤ እያንዳንዱን ቢያንስ 1000 ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ 1 ሆኖ የተነበበበትን ድርሻ በ`A·exp(-t/T1) + B` ያስጠጉ።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት A=1 እና B=0 ብሎ ማሰር ነው። የማንበቢያ ስህተትና ከሙቀት የተነሳ 1 ላይ የሚቀረው ትንሽ ድርሻ ስላሉ ኩርባው ከ1 ተነስቶ 0 ላይ አያርፍም። ሁለቱን ካሰሩ ጥፋቱ ሁሉ T1 ላይ ይወድቃል። ሌላው ስህተት ቆይታውን ቶሎ ማቆም ነው፤ የኩርባው ጭራ ካልታየ B አይታወቅም።

2. ከዚያ T2ን በኤኮ ይለኩ

ኪዩቢቱ በ0 እና በ1 መካከል በሱፐርፖዚሽን ላይ ሲሆን ከጉልበቱ ሌላ የሚያጣው ነገር አለው፤ ፌዙን። አካባቢው ድግግሞሹን ጥቂት ከፍ ዝቅ ባደረገው ቁጥር ፌዙ ይንሸራተታል፤ ብዙ ሙከራ ሲደመር ይበተናል። የኤኮ ልኬት መሐል ላይ `X` አስገብቶ የቀስታውን መንሸራተት መልሶ ያጠፋል፦

```python
from qiskit import QuantumCircuit

def echo(t_us):
    qc = QuantumCircuit(1, 1)
    qc.sx(0)
    qc.delay(t_us / 2, 0, unit="us")
    qc.x(0)
    qc.delay(t_us / 2, 0, unit="us")
    qc.sx(0)
    qc.measure(0, 0)
    return qc
```

ቆይታው አጭር ሲሆን መልሱ 0 ነው፤ ሲረዝም 1 የሚነበብበት ድርሻ ወደ 0.5 ይወጣል፤ የአወጣጡ ፍጥነት T2ን ይሰጣል። መሐል ያለውን `X` ካወጡት የሚለኩት T2* የሚባለውን ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ ሰርኪዩት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ኪዩቢት የሚገጥመውም እሱ ስለሆነ ሁለቱንም መያዝ ይሻላል።

T2 ከT1 እጥፍ ሊበልጥ አይችልም፤ ጉልበት መፍሰሱ ራሱ ፌዝን ያጠፋልና። ልኬትዎ ከእጥፉ በላይ ካሳየ ኪዩቢቱ ተአምር አልሠራም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ T1 በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ በቺፑ ላይ ያሉ ጥቃቅን የቁስ እንከኖች ከኪዩቢቱ ድግግሞሽ ጋር አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ ይርቃሉ። ጠዋት T1ን፣ ከሰዓት T2ን ከመለካት ይልቅ ሁለቱን እያፈራረቁ መለካት ይህን ያስቀራል።

3. የፌዙን ብቻ ድርሻ ይለዩ

ቀመሩ `1/T2 = 1/(2·T1) + 1/Tφ` ነው፤ Tφ ንጹሕ የፌዝ መበተን ብቻውን ቢሆን የሚወስደው ጊዜ ነው። T1 = 120 እና T2 = 80 ማይክሮ ሰከንድ አገኘን እንበል። 1/80 ሲቀነስ 1/240፣ 1/120 ይሆናል፤ ስለዚህ Tφ 120 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በዚህ ኪዩቢት ላይ የT2ን መጥፋት ሁለት ሦስተኛውን የሚያመጣው ንጹሕ የፌዝ መበተን ነው ማለት ነው።

4. ስህተቱን በንብርብር ያስሉ

የሁለት ኪዩቢት ጌት 500 ናኖ ሰከንድ፣ በፊቱና በኋላው ያሉት የአንድ ኪዩቢት ጌቶች ደግሞ 50፣ 50 ናኖ ሰከንድ ይውሰዱ፤ ንብርብሩ 0.6 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ ኪዩቢት በአንድ ንብርብር የሚገጥመው ስህተት፦

`e = t/(4·T1) + t/(2·T2)`

t ከT1 እና ከT2 በጣም እስካነሰ ድረስ ይሠራል። በእኛ ቁጥር 0.6/480 ሲደመር 0.6/160 ይሆናል፤ 0.00125 + 0.00375 = 0.005። አንድ ኪዩቢት ብቻ ቢሆን ያለ ስህተት የማለፍ ዕድሉ ግማሽ የሚሆነው ከ139 ንብርብር ገደማ በኋላ ነው፤ ይህ ከ133 ብዙም አይርቅም። ግን 10 ኪዩቢት አብረው ሲጓዙ እያንዳንዱ በየንብርብሩ የራሱን 0.005 ይከፍላል፤ ሥራ ፈትቶ የቆመውም ጭምር። ድምሩ በንብርብር 5 በመቶ ይሆናል፤ ግማሽ ዕድል ላይ የምንደርሰውም 14ኛው ንብርብር አካባቢ ነው። T2 መካፈል የነበረበት ለንብርብሩ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ጊዜው በኪዩቢቶቹ ብዛት ተባዝቶ ለሚገኘው ነበር።

በተጨማሪ ንብርብሩን የሚቆጥሩት በወረቀት ላይ ከሣሉት ሰርኪዩት አይሁን። በቺፑ ላይ ጎረቤት ያልሆኑ ኪዩቢቶችን ለማገናኘት `SWAP` ይገባል፤ አንዱ `SWAP` ሦስት የሁለት ኪዩቢት ጌት ነው። 1.5 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ተኩል ንብርብር ይበላል፤ የቀሩት ስምንቱም እየጠበቁ ይከፍላሉ። `qc.depth()` አጭሩንም ረጅሙንም ጌት እንደ አንድ ስለሚቆጥር፣ ከ`transpile` በኋላ ያለውን ጠቅላላ የጊዜ ርዝመት ይውሰዱ።

5. የቱን ማሻሻል እንደሚያዋጣ ይመልከቱ

የፌዝ መበተኑ ጨርሶ ቢጠፋ T2 240 ይሆናል፣ e ወደ 0.0025 ይወርዳል፣ ጥልቀቱ 28 ገደማ ይሆናል። ጌቱ ከ500 ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ቢያጥር ግን ንብርብሩ 0.2 ማይክሮ ሰከንድ ሆኖ ጥልቀቱ ወደ 41 ይደርሳል። ስለዚህ T2ን ለማራዘም ከመታገል በፊት የጌቱን ፍጥነት ማየት ይሻላል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ኪዩቢቱ ከ0 እና ከ1 ወጥቶ ወደ ትራንስሞኑ ሦስተኛ የጉልበት ደረጃ መፍሰስ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ በT1 ቀመር አይታይም።

ቺፑን መቀየር ለማይችል ሰው የሚቀረው የጥበቃ ጊዜን ማሳጠር ነው። ኪዩቢቱ እስኪፈለግ ድረስ 0 ላይ ይቆይ፤ 0 ላይ የሚፈስስ ነገር የለም። ሱፐርፖዚሽን ላይ ሆኖ መጠበቁ ግድ ከሆነ ደግሞ በጥበቃው ውስጥ ጥንድ `X` ጌቶችን እኩል ርቀት እየሰጡ ያስገቡ፤ ይህ ኤኮውን ይደግማል፣ የፌዙን መንሸራተት ይቀንሳል። T1ን ግን ምንም አያደርገውም።

6. በሰርኪዩቱ ራሱ ያረጋግጡ

ሰርኪዩቱን ካስኬዱ በኋላ የራሱን ግልባጭ አስከትለው ወደ መነሻው ይመለስ እንደሆነ ያንብቡ፤ ጥልቀቱ እጥፍ እንደሚሆን አይርሱ። ወጥመድ አለው፤ መነሻው ሁሉም 0 ከሆነ፣ ጉልበቱ ፈስሶ ያለቀ ኪዩቢትም 0 ይነበባልና ውድቀቱ ስኬት ይመስላል። ሰርኪዩቱ ከመጀመሩ በፊት በዘፈቀደ በተመረጡ ኪዩቢቶች ላይ `X` ያስገቡ፤ የሚጠበቀው መልስ ለምሳሌ 1011001101 ይሆናል። ውጤቱ 1 መሆን የነበረባቸውን ወደ 0 ካዘነበለ ጥፋተኛው T1 ነው። ሁሉም መልሶች እኩል ተበትነው ከመጡ የፌዙ ወይም የጌቱ ስህተት ነው።