ሌሊት ጥርስ ለሚያፋጩ፦ ጠዋት የሚያመውን መንጋጋ እንዴት እናሳርፈው?

እህቴ ጠዋት ጠዋት አፏን ከፍታ መጉረስ ያቅታት ነበር። ጉንጯ ደንድኖ፣ ጆሮዋ ሥር እየጠዘጠዛት ትነሳለች። የታመመ ጥርስ ግን አልነበራትም። ምክንያቱን የነገራት ባሏ ነው፤ ሌሊት ጥርሷን ስታፋጭ ድምፁ ይቀሰቅሰዋል።

እናታችን «ወስፋት ነው» አለች። ብዙ ቤት እንዲህ ይባላል፤ የእህቴ ግን የሆድ ነገር አልነበረም። በእንቅልፍ መሀል አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ነቃ ሲል፣ የማኘኪያ ጡንቻዎች አብረው ይኮማተራሉ። ጭንቀት፣ የማታ ቡና፣ መጠጥና ሲጋራ ያባብሱታል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያመጡታል፤ እነሱን ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።

መጀመሪያ ሕመሙ መቼ እንደሚብስ ለአንድ ሳምንት ያዙ። ጠዋት ከብዶ እየዋለ ከቀለለ፣ የሌሊቱን ማፋጨት ጠርጥሩ። ወደ ማታ ከባሰ ደግሞ ምናልባት ቀን ሥራ ላይ ሳታውቁት ጥርስ ትነክሳላችሁ።

ቀጥሎ ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐኪሙ የጥርሳችሁን ልክ ወስዶ ስፕሊንት ያሠራላችኋል፤ ስትተኙ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ጥርስ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ የአክሪሊክ ልባስ ነው። ማፋጨቱን አያስቆምም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው። ሥራው ጫናውን ለሁሉም ጥርስ ማከፋፈልና በጥርስ ፋንታ ራሱ መፋቅ ነው። የእህቴ ከወራት በኋላ ጭረት በጭረት ሆኖ ነበር። የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍነውን ለብዙ ጊዜ ማድረግ የጥርስን አገጣጠም ሊቀይር ይችላል። ጠዋት አውልቃችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያበላሻል። ከጠበባችሁ ወይም ሕመሙን ካባሰው ይዛችሁት ተመለሱ፤ ይስተካከላል።

ለሕመሙ እህቴን የጠቀማት የማታው ልማድ ነው። ፎጣ ለብ ባለ ውኃ ነክራ 15 ደቂቃ ጉንጯ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ጥርሷን ሳትገጥም፣ ስትነክስ የሚያብጠውን የጉንጭ ጡንቻ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋ ታሻለች። ቀን ደግሞ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ፣ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ። ስልኳ በየሰዓቱ ያስታውሳት ነበር። ለጥቂት ሳምንት ቆሎና ማስቲካ ተወች፤ ጫት የሚቅም ሰውም ያን ጊዜ ቢያቆም መንጋጋው ያርፋል። ስታዛጋ አገጯን በእጇ ትደግፋለች።

መንጋጋችሁ ተቆልፎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ ግን ቤት አትቆዩ። ከማፋጨቱ ጋር ከባድ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቆራረጥ ካለም ለሐኪም ተናገሩ፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ ችግር ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሌላ ነው።