የብየዳ አሠራር መመሪያን ወደ አማርኛ እንዴት እንተርጉም?

የብየዳ አሠራር መመሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም። ሰንጠረዥ፣ ቁጥርና አጫጭር ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለተርጓሚ ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን በያጁ እዚያ ላይ የሚያገኘው አንድ ቃልና ከጎኑ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቃሉ ከተሳሳተ ሐሳቡን የሚያቃናለት ማብራሪያ የለም።

መጀመሪያ መጋጠሚያውን ከብየዳው ለዩ። መጋጠሚያ ማለት ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙበት አኳኋን ነው፦ ጫፍ ለጫፍ፣ በማዕዘን፣ በቲ ቅርጽ፣ ተደራርበው ወይም ጠርዝ ለጠርዝ። ብየዳው ደግሞ እዚያ ላይ የሚያርፈው ነው። በተለይ ሁለቱ ቁራጮች በሚሠሩት ጥግ ውስጥ የሚሞላውን፣ ፊሌት የሚባለውን ብየዳ "የማዕዘን ብየዳ" ብላችሁ አትተርጉሙት። ፊሌት በቲም፣ በተደራራቢም መጋጠሚያ ላይ ይሠራል። "ማዕዘን" የሚለውን ቃል ለመጋጠሚያው ተዉለትና ፊሌትን እንዳለ "ፊሌት" በሉት።

ቀጥሎ መሙያው። ፊለር ሜታልን "መሙያ ብረት" ማለት ይቀናናል፤ የሚበየደው አሉሚኒየም ሲሆን ግን ቃሉ አያስኬድም። "የብየዳ መሙያ" ይሻላል። "ኤሌክትሮድ" ብሎ ማለፍም አያዋጣም። በቲግ ብየዳ የተንግስተኑ ኤሌክትሮድ የኤሌክትሪክ ቅስቱን ይፈጥራል እንጂ ቀልጦ መጋጠሚያውን አይሞላም፤ የሚሞላው ለብቻው የሚገባው ዘንግ ነው። እንደ E7018 ያለውን መለያ ደግሞ እንዳለ ጻፉት። በያጁ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚያነበው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ሙቀት። በአማርኛ "ሙቀት" የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቴርሞሜትር የሚለካው ነው። ሌላው ቅስቱ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ወደ ብየዳው የሚያስገባው ጉልበት ነው። ሁለቱንም "የሙቀት መጠን" ካልናቸው አንዱ ሣጥን ውስጥ ዲግሪ፣ ሌላው ውስጥ ኪሎ ጁል ተጽፎ አንባቢው ግራ ይገባዋል። እኔ "የሙቀት መጠን" የሚለውን ለዲግሪ ብቻ አስቀርቼ ሁለተኛውን "ወደ ብየዳው የሚገባ ሙቀት" እላለሁ።

ፕሪሂት ማለት ብየዳ ሊጀመር ሲል ብረቱ ሊኖረው የሚገባው የሙቀት መጠን ነው። "ቅድመ ሙቀት" ጥሩ ቃል ነው። ሥራው ብረቱ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ነው፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ ብየዳው ውስጥ የቀረው ሃይድሮጅን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዝቅተኛው ወሰን ነው።

ኢንተርፓስን "በዙር መካከል ያለ ሙቀት" ብዬ ጽፌ አንድ በያጅ "ዙሩን እየሠራሁ ልለካ?" ብሎኛል። ልክ ነበር፤ አማርኛዬ ያንንም ይላል። አሁን "ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት የሚለካ የሙቀት መጠን" እላለሁ። ይረዝማል፤ ግን መቼ እንደሚለካ ይናገራል። ዙር ስል በመጋጠሚያው ላይ አንዴ ተበይዶ የሚያልፈውን መስመር ነው። ንብርብር ሌላ ነው፤ አንዱ ንብርብር ብዙ ዙር ሊይዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከፍተኛው ወሰን ነው። ብረቱ ከዚያ በላይ እንደጋለ ከተቀጠለ የብየዳው ጥንካሬ ሊቀንስ ይችላል። በያጁ እስኪበርድ መጠበቅ አለበት። አንዳንድ መመሪያ ዝቅተኛውንም ስለሚሰጥ ግን "ቢያንስ" ወይም "ቢበዛ" የሚለውን ከምንጩ አይታችሁ ጻፉ እንጂ አትገምቱ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ምንጩ ቅድመ ሙቀት ቢያንስ 225 ፋራናይት፣ ኢንተርፓስ ቢበዛ 475 ፋራናይት ይላል እንበል። ከእያንዳንዱ 32 ቀንሰን በ1.8 ስናካፍል 107.2 እና 246.1 ሴልሺየስ እናገኛለን። እነዚህን ቁጥሮች ለማሳጠር ስንል ወደሚቀርበው የአምስት ወይም የአሥር ብዜት ብንሄድ ስህተት ልንሠራ እንችላለን። 107.2ን 105 ካልነው ከተፈቀደው በታች ወረድን። 246.1ን 250 ካልነው ደግሞ አለፍን። "ቢያንስ" የተባለው ወደ ላይ፣ "ቢበዛ" የተባለው ወደ ታች ይጠጋጋል፦

"ቅድመ ሙቀት፦ ቢያንስ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ። ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት፦ ቢበዛ 245 ዲግሪ ሴልሺየስ።"

የምንጩን ፋራናይት ከጎኑ አስቀምጡ፤ ተቆጣጣሪው ያመሳክርበታል። ከዚያ ወረቀቱን እንግሊዝኛውን ላላየ በያጅ ስጡት። "ገባህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። "ብረቱ አሁን 260 ዲግሪ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?" በሉት። "እስኪበርድ እጠብቃለሁ" ካለ ትርጉሙ ሠርቷል። ችቦውን ካነሳ ግን ወደዚያች መስመር ተመለሱ።