የመጨረሻው ኢንቮይስ ለምን ሳይከፈል ይቀራል? በርቀት የምትሠሩበትን የውጭ አገር ውል ስትለቁ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በኮንትራክተርነት ለሚሠሩ ነው። ማለትም ደመወዝ ሳይሆን በየወሩ ኢንቮይስ እየላካችሁ የሚከፈላችሁ ከሆነ ነው። ውሉን አንብቡ፣ ቅጂ ያዙ የሚለውን አልደግመውም። እሱን ያላደረገ ሰው መጀመሪያ እሱን አድርጎ ይመለስ። እኔ የምጽፈው ራሴም ገጥሞኝ፣ በኋላም ለባልደረቦቼ ደጋግሜ ስላስተካከልኩት ነገር ነው።

ችግር፦ ለቅቄያለሁ፤ የመጨረሻው ኢንቮይስ ግን አልተከፈለም፤ መልስ የሚሰጥም የለም

ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው “በሉኝ” ብሎ ነው። እኔ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ እንደዚያ አልነበሩም። ምክንያቱ የአለቃቀቁ ቅደም ተከተል ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ሠራተኛው ለማኔጀሩ በቻት “ልለቅ ነው” ብሎ ይጽፋል። ማኔጀሩ “እናመሰግናለን፣ መልካም ዕድል” ይላል። መልእክቱ ለአይቲ ክፍል ይደርሳል፤ የኩባንያው ኢሜይል በዚያው ቀን ይዘጋል። ታይምሺቱ ያለው እዚያ ሲስተም ውስጥ ነው። ኢንቮይስ የሚጫንበት ፖርታልም የሚከፈተው በዚያው ኢሜይል ነው። ማኔጀሩ ሰዓቱን ያጸደቀው ደግሞ በቻት ነበር፤ ቻቱም አብሮ ተዘጋ። ሠራተኛው ኢንቮይሱን ከግል ኢሜይሉ ለፋይናንስ ይልካል። ፋይናንስ ይህን አድራሻ አያውቀውም። የማይታወቅ አድራሻ የባንክ ቁጥር ይዞ ገንዘብ ሲጠይቅ ማጭበርበር ይመስላል፤ እንዳይከፍሉ የሠለጠኑትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዝም ይላሉ።

አንዲት ባልደረባዬ የሦስት ሳምንት ሥራ በዚህ መንገድ ተንጠልጥሎባት ነበር። ሰዓቱን ያጸደቀው ማኔጀር እሷ በለቀቀች በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ለቀቀ። አዲሱ ማኔጀር “እኔ የማውቀው ነገር የለም” አለ። አልዋሸም፤ በእርግጥም አያውቅም። ገንዘቧን ያስመለሰላት በግል ስልኳ ያነሳችው አንድ የታይምሺት ፎቶ ነው። ያ ፎቶ ባይኖር ምን ይዛ ትከራከር ነበር?

መፍትሄው የመልቀቂያ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ እስከ ዛሬ የሠራችሁትን ሰዓት አስጸድቁና ኢንቮይስ ላኩ። ያንን ኢንቮይስ ፋይናንስ “ደርሶናል” ካለ በኋላ ነው ስለ መልቀቅ የሚወራው። ቀጥሎ የራሳችሁን የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ የጸደቁበትን ማስረጃና የቀድሞ ኢንቮይሶቻችሁን ወደ ራሳችሁ አስቀምጡ። ተጠንቀቁ፦ የራሳችሁን የክፍያ መዝገብ ብቻ ነው የምትወስዱት። የደንበኛ ፋይል፣ ኮድ ወይም የውስጥ ሰነድ አብራችሁ ከያዛችሁ የሚስጥር ጠባቂነት አንቀጹን ጣሳችሁ ማለት ነው፤ ኢንቮይሱን ላለመክፈል ጥሩ ሰበብ ታቀብሏቸዋላችሁ። ይህን ስሕተት የሠራ ሰው አይቻለሁ፤ መከራከሪያ አልነበረውም። ከዚያ ገና የኩባንያው ኢሜይል በእጃችሁ እያለ ለፋይናንስ “ከዚህ በኋላ በዚህ የግል አድራሻ አግኙኝ፣ የባንክ ቁጥሬ አልተቀየረም” ብላችሁ ጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ናት ብዙ ወር የምታተርፈው።

አሁን ደብዳቤው። በቻት አይላክም። ውሉ ውስጥ ስለ ማስታወቂያ አሰጣጥ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ለየትኛው አድራሻ፣ በምን መንገድ እንደሚላክና መቼ እንደደረሰ እንደሚቆጠር እዚያ ተጽፏል። ቀን የሚያሳስተውም ይሄ አንቀጽ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ውሉ በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ የሚመራ ነው እንበል። የወር ክፍያው 2,100 ዶላር ነው። ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ በተቀባዩ አገር ሰዓት፣ የደረሰ ኢሜይል በሚቀጥለው የሥራ ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል ይላል። ሠራተኛዋ ዓርብ ሜይ 9፣ 2025 ማታ ላከች። የላከችበትን ቀን ትታ ከማግስቱ 30 ስትቆጥር ጁን 8 ላይ ትደርሳለች። በውሉ ግን ደብዳቤው የደረሰው ሰኞ ሜይ 12 ነው። ከማግስቱ ሲቆጠር ሠላሳኛው ቀን ረቡዕ ጁን 11 ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት ቀን ነው። እሷ ጁን 8 ላይ ሥራ ብታቆም ኩባንያው “ማስጠንቀቂያሽን አልጨረስሽም” ሊል ይችላል፤ እውነትም አለው። አንዳንድ ውሎች ደግሞ የሥራ ቀን እንጂ የካላንደር ቀን አይቆጥሩም፤ ያን ጊዜ ነገሩ ወደ ስድስት ሳምንት ይሄዳል።

የሜይ ወር ኢንቮይስ እንደተለመደው ይሄዳል። የጁን ክፍልፋይ ነው ጭቅጭቅ የሚያመጣው። ከጁን 1 እስከ 11 ስምንት የሥራ ቀን አለ። በጁን 2025 በጠቅላላው 21 የሥራ ቀን ስላለ ቀኑ 100 ዶላር ነው፤ ሒሳቡ 800 ይሆናል። ኩባንያው ግን 2,100ን ለ30 ካላንደር ቀን አካፍሎ በ11 ካበዛው 770 ያገኛል። ሁለቱም ስሌት ስሕተት አይደለም። ውሉ የትኛው እንደሆነ ስለማይናገር ነው የሚያጨቃጭቀው። ለ30 ዶላር ሲባል ሙሉው 800 ለሁለት ወር ሲንጠለጠል አይቻለሁ። የውል አዘጋጆች አንዲት ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ከየትም በተገለበጠ ቅጽ ሰው ያስፈርማሉ።

ስለዚህ በመልቀቂያ ኢሜይሉ ላይ ይህን ሁሉ ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ። በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደምትለቁ፣ የመጨረሻው ቀን ጁን 11 እንደሆነ፣ የጁን ሒሳብ በሥራ ቀን ተሰልቶ 800 ዶላር እንደሚሆን፣ ኢንቮይሱን ጁን 12 እንደምትልኩና በ30 ቀን፣ ማለትም እስከ ጁላይ 12 መከፈል እንዳለበት ግለጹ። መጨረሻ ላይ “ስሌቱን ታረጋግጡልኛላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። “አዎ” የምትል መልስ ከመጣች ኋላ ላይ ፋይናንስ የሚያነሳው ጥያቄ አይኖርም። የክፍያ አንቀጹን ግን በደንብ እዩት። 30 ቀኑ ከኢንቮይሱ ወር መጨረሻ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው የሚል ከሆነ ቀኑ ጁላይ 30 ነው። ሳይደርስ መጮህ ያሳፍራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የለቀቃችሁበትን ምክንያት አትጻፉ። ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ ለመልቀቅ ምክንያት አያስፈልግም። ቅሬታ ከገባበት ግን ኢሜይሉ ወደ ሕግ ክፍል ይዞራል፤ ኢንቮይሱም አብሮት ይቆማል።

ችግር፦ ቀኑ አልፏል፤ ውሉ የሚመራው በእነሱ አገር ሕግ ነው፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ነገር ያደባልቃሉ። የትኛው ሕግ ውሉን ይተረጉማል የሚለው አንድ ነው። ክሱ የት ይታያል የሚለው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በተለያየ አንቀጽ ይጻፋሉ፤ አንዳንዴም የተለያየ አገር ይጠቅሳሉ። ሁለቱንም ፈልጉ።

የእነሱ ሕግ ሁልጊዜ የሚጎዳ አይደለም። በምሳሌያችን የእንግሊዝ ሕግ ሠራተኛዋን ሊጠቅማት ይችላል። በ1998 የወጣው የዘገየ የንግድ ዕዳ ወለድ ሕግ ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ላይ 8 በመቶ ጨምሮ ወለድ ለመጠየቅ ያስችላል። ከ1,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ዕዳ ደግሞ 40 ፓውንድ ካሳ አለ። ወጥመዱ ግን ይህ ነው፦ ከእንግሊዝ ጋር ያለው ግንኙነት በወረቀት ላይ ሕጉን መምረጥ ብቻ ከሆነና ሌላ ጉልህ ግንኙነት ከሌለ ይህ መብት አይሠራም። አሠሪው እዚያው ሆኖ ሥራውም ለእዚያ ከተሠራ ሁኔታው የተለየ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በ2011 የወጣው መመሪያ ተመሳሳይ ወለድና ቢያንስ 40 ዩሮ ያስቀምጣል፤ ውሉ ቀን ካልወሰነ 30 ቀን ነው መነሻው።

ውሉ ስለ ሕግ ምንም ካላለስ? በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የአገልግሎት ውል በመርህ ደረጃ የሚመራው አገልግሎት ሰጪው በሚኖርበት አገር ሕግ ነው። ማለትም በእናንተ አገር። ብዙ ኮንትራክተር ይህን አያውቅም።

ወለዱን ገና ከመጀመሪያው አትጥቀሱት። ቀኑ ባለፈ በማግስቱ ለፋይናንስ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ የኢንቮይስ ቁጥርና የመክፈያ ቀን ብቻ ይኑረው። ከሳምንት በኋላ ውሉ ማስታወቂያ እንዲላክበት ወዳለው አድራሻ መደበኛ ደብዳቤ ይሂድ፤ አንቀጹንና ወለዱን ጥቀሱ፣ 14 ቀን ስጡ። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የተከፈሉት በዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱም የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ውሉ የግልግል ዳኝነትን የሚያዝ ከሆነ ለ800 ዶላር አትግቡበት። የ1958ቱ የኒው ዮርክ ስምምነት ውሳኔውን በብዙ አገር ያስፈጽማል፤ የግልግሉ ወጪ ግን ከዕዳው ሊበልጥ ይችላል።

ችግር፦ “መጀመሪያ ይህን ፈርሙ፣ ከዚያ እንከፍላለን” አሉ

አትፈርሙ። ቢያንስ እንዳለ አትፈርሙ። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ “ከዚህ በኋላ ምንም የምጠይቀው ነገር የለም” ይላል። ከፈረማችሁ በኋላ ኢንቮይሱ ራሱ ከምትተዉት ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። የኢንቮይሱን ቁጥርና መጠን አስጽፉና “ይህ ገንዘብ ሒሳቤ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይጸናል” የሚል አስጨምሩ። እምቢ ካሉ ወደ ውሉ ተመለሱ፤ እዚያ ላይ ክፍያው በፊርማ ላይ የተመሠረተ ካልሆነ አዲስ ሁኔታ ብቻቸውን መጨመር አይችሉም።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ገንዘቡ ጎድሎ ከገባ የአስተላላፊ ባንክ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደሚሸከመው ውሉን እዩ።

ላፕቶፕ መልሱ ካሉ የላካችሁበትን ደረሰኝ ከመጨረሻው ኢንቮይስ ጋር አያይዙ፤ አለበለዚያ ዋጋውን ሊቀንሱባችሁ ይሞክራሉ።

ውሉ “ኮንትራክተር” ቢላችሁም ሥራው በተግባር የቅጥር ከሆነ፣ ሰዓታችሁን እነሱ የሚወስኑ ከሆነ፣ የአገራችሁ የሠራተኛ ሕግ ሊገባበት ይችላል። ያኔ ኢንቮይስ ከመላካችሁ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።