ሦስት መብራት አብሮ ሲሮጥ፦ የሪንግና የጆንሰን ካውንተር ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ የሱቅ ታፔላ መብራት የሚጠግን ሰው ይህችን ችግር ሳያያት አይከርምም። ታፔላው ላይ ስምንት ረድፍ ኤልኢዲ አለ። አንድ አንድ እያሉ ተራ በተራ መብራት አለባቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሦስት ሦስት ሆነው መሮጥ ይጀምራሉ። አይቆሙም፣ አይንቀጠቀጡም። ባለቤቱ «ቺፑ ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ገዝቶ ይጠብቃችኋል። ቺፑ ግን ደህና ነው። ጣጣው መብራቶቹን ተራ የሚያስይዘው ካውንተር መግባት የሌለበት ሁኔታ ውስጥ መግባቱ ነው።

5 ቮልቱን ለክታችኋል፣ ብየዳውንም አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ሪንግ ካውንተር ከሆነ

በሪንግ ካውንተር አንዲት 1 ብቻ ናት የምትዞረው። አራት ፍሊፕ ፍሎፕ ካለ 1000፣ 0100፣ 0010፣ 0001 ብላ ትመለሳለች። ከ16 ሁኔታዎች የምንጠቀመው አራቱን ብቻ ነው። 12ቱ ትርፍ ናቸው።

ሁሉም ከጠፋ 0000 ላይ ተቀምጧል፤ የሚዞር 1 ስለሌለ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። ሁሉም ከበራ 1111 ነው። ሁለት መብራት አብሮ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ሁለት 1 ገብቶበታል። መፍትሄው አጭር ነው። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመለሰውን ሽቦ አንሱትና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውጤቶች በኖር ጌት አድርጋችሁ ወደ መጀመሪያው ፍሊፕ ፍሎፕ አስገቡ። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ብቻ አዲስ 1 ይገባል። ከየትኛውም ሁኔታ ቢነሳ ቢበዛ በሦስት ክሎክ ይስተካከላል።

አደራ፣ ይህ ኖር ጌት ሳይኖር ሁሉንም ፍሊፕ ፍሎፕ ወደ 0 የሚመልስ ሪሴት ብቻ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። 0000 እኮ ሞቱ ነው!

ጆንሰን ካውንተር ከሆነ፦ ዋናው ጣጣ

ጠማማው ሪንግ የሚሉት ይሄ ነው። የመጨረሻው ውጤት ተገልብጦ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በአራት ፍሊፕ ፍሎፕ ስምንት ሁኔታ ስለሚሰጥ ለስምንት ረድፍ ታፔላ ሁሉም የሚሠራው በእሱ ነው። አንድ 74HC175 ለቆጠራው፣ ሁለት 74HC08 ለስምንቱ መብራቶች፣ አለቀ። ትክክለኛው ዙር እንዲህ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ Q0፣ Q1፣ Q2፣ Q3፦

```
0000 1000 1100 1110 1111 0111 0011 0001
```

የቀሩት ስምንት ሁኔታዎች የራሳቸው ዙር አላቸው። አንዴ ከገቡበት መውጫ የለውም፦

```
0100 1010 1101 0110 1011 0101 0010 1001
```

ሦስቱ መብራት የሚመጣው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ መብራት ሁለት ሁለት ቢት ብቻ ነው የሚያየው። ለምሳሌ የመጀመሪያው Q0 እና Q3 ሁለቱም 0 ሲሆኑ ይበራል። ሌላው Q1 1፣ Q2 ደግሞ 0 ሲሆን፤ ሌላው Q0 0፣ Q1 ደግሞ 1 ሲሆን። 0100 ሦስቱንም ያሟላል። በመጥፎው ዙር ያሉት ስምንቱም ሁኔታዎች እንዲሁ ሦስት ሦስት መብራት ያበራሉ። ስለዚህ ሦስት ሲሮጥ ካያችሁ ቦርዱን ሳትነኩ በሽታውን አውቃችሁታል።

መብራት ለሌለው ሥራም ምልክት አለው። ተማሪዎች ክሎክን ለስምንት ለማካፈል ሠርተውት ይመጣሉ። 800 ኸርዝ አስገብተው ከQ3 ላይ 100 ሲጠብቁ 300 ያነባሉ። ሜትሩ ትክክል ነው። በመጥፎው ዙር Q3 በስምንት ክሎክ ሦስት ጊዜ ይነሳል።

እንዴት ገባበት?

ፍሊፕ ፍሎፕ መብራት ሲመጣ በ0 ይነሳል ብሎ ቃል የገባ የለም። ብዙ ቦርድ ላይ የ74HC175 ሪሴት፣ ማለትም ፒን 1፣ በቀጥታ 5 ቮልት ላይ ተበይዶ ነው የማገኘው። ቆጣቢ ነኝ ማለት ነው። ሻል አድርገው የሚሠሩት ደግሞ 10 ኪሎኦም እና 100 ናኖፋራድ ያደርጋሉ። ይህ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቀስ ብሎ የሚነሳ ከሆነ 5 ቮልት ሳይደርስ ሪሴቱ አልቋል። ካፓሲተሩን 10 ማይክሮፋራድ አድርጉት። ሬዚስተሩ ላይም ጎን ለጎን 1N4148 ዳዮድ በይዱ፤ ቀለበቱ ወደ 5 ቮልት ይዙር። አለበለዚያ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ካፓሲተሩ እንደተሞላ ስለሚቆይ ሪሴት የሚባል ነገር አይኖርም።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። በፍራንኮ በኩል ያለ አንድ ጁስ ቤት ሪሴቱ በደንብ ተሠርቶለት ነበር። ግን ባለቤቱ እየደጋገሙ ይደውላሉ። «ልጄ፣ መብራት ሳይሄድ ሦስት ሦስት ሆነብኝ» ይላሉ። ሄጄ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጁስ መፍጫው ሲነሳ ነው! ታፔላውም መፍጫውም ከአንድ ሶኬት ነው የሚበሉት፤ ቺፑ ሥር ደግሞ አንድም ካፓሲተር የለም። ረብሻው አንድ ቢት ገለበጠ፣ ቆጠራው መጥፎው ዙር ውስጥ ገባ። ሪሴት የሚሠራው ሲነሳ ነው፤ መሃል ላይ ለመጣ ጣጣ አይደርስም። «አጥፍተው ያብሩት ጋሼ» ብሎ መሄድም ጥገና አይባልም።

መድኃኒቱ

ቆጠራው ከመጥፎው ዙር ራሱ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ለሦስተኛው ፍሊፕ ፍሎፕ Q1ን በቀጥታ ከመስጠት ይህን ስጡት፦

```
D2 = Q1·(Q0 + Q2)
```

የሚለወጠው Q1 1 ሆኖ ግራና ቀኙ 0 ሲሆን ብቻ ነው። ይህ 0100 እና 0101 ላይ ብቻ ይከሰታል፤ ሁለቱም ከመጥፎው ዙር ናቸው። 0100 ወደ 1000፣ 0101 ደግሞ ወደ 0000 ይሄዳል። ትክክለኛው ዙር ጨርሶ አይነካም። በጣም የራቀው 1010 እንኳ በአምስት ክሎክ ወደ መስመር ይመለሳል።

ለዚህ አንድ 74HC00 ይበቃል። ከፒን 7 ወደ ፒን 12 የሚሄደውን መስመር ቁረጡ። በመጀመሪያው ናንድ Q0 እና Q1ን፣ ማለትም ፒን 2 እና 7ን አስገቡ። በሁለተኛው Q1 እና Q2ን፣ ፒን 7 እና 10ን። የሁለቱን ውጤት በሦስተኛው ናንድ አገናኝታችሁ ወደ ፒን 12 ላኩ። የአራተኛው ናንድ መግቢያዎች ባዶ አይተዉ፤ ወደ ግራውንድ እሰሯቸው። በየቺፑ ፓወር እግሮች መሃል 100 ናኖፋራድ በይዱ። ሥር ላይ፣ አጭር አድርጋችሁ። አሥር ሳንቲም ሽቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ካፓሲተር ጌጥ ነው።

አዲስ ቦርድ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ድካም ተዉት። 4017 ውስጡ ባለ አምስት ፍሊፕ ፍሎፕ ጆንሰን ነው፤ ማስተካከያው አብሮት ተሠርቷል። ለስምንት ረድፍ ፒን 9ን ከፒን 15 ማገናኘት ብቻ ነው።

ሳትፈትኑ አታስረክቡ

ክሎኩን በሰከንድ አንድ አድርጉት። ወደ ፒን 4 የሚመጣውን ሽቦ አንሱ። ፒን 1ን ለአፍታ ግራውንድ አስነክታችሁ ልቀቁ፤ 0000 ሆነ። ፒን 4ን ለአንድ ክሎክ 5 ቮልት ላይ፣ ለሚቀጥለው አንድ ክሎክ ግራውንድ ላይ ያዙት። አሁን 0100 ነው፣ ሦስት መብራት ይበራል። ቀጣዩ ክሎክ ሳይመጣ ሽቦውን ወደ ፒን 14 መልሱት። በሚቀጥለው ክሎክ አንድ መብራት ብቻ ከቀረ ሥራው አልቋል። ሦስቱ ከቀጠሉ የድሮው የፒን 7 መስመር በደንብ አልተቆረጠም፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ።